ውሃው ለምን ፈሰሰ? የሦስት ታስኮችና የአንድ ቁልፍ ነገር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ግማሹ ትምህርት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ዕዳ ነው። ዕዳው የአንዲት ተማሪዬ ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም።

የምኖርባት ከተማ ውሃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ሰው ፓምፑን አብርቶ ይተኛል፣ ታንከሩ ሞልቶ ግቢውን ሲያጥለቀልቅ ይነቃል። ባለፈው ዓመት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ይህንን የሚፈታ ነገር ሠራች። አንድ አርዱይኖ ሜጋ፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር፣ ትንሽ ኤልሲዲ ስክሪን፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ሞጁል፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕ፣ በታንከር ምትክ ደግሞ አፉ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ። ውሃው ጠርዙ ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ፓምፑ ይጠፋል።

አንድ ፕሮሰሰር ሦስት ሥራ እንዲሠራ ፍሪአርቶስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ተጠቅመናል። ሥራው በሦስት ታስክ ተከፈለ። ለእያንዳንዱም የቅድሚያ ቁጥር ሰጠነው፣ ትልቅ ቁጥር ማለት ትልቅ ቅድሚያ ነው።

የፓምፕ ታስክ፣ ቅድሚያ 3። በየ100 ሚሊሰከንዱ ይነቃል፣ ሴንሰሩን ያነባል፣ ከሞላ ፓምፑን ያጠፋል። ንባቡ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት።

የመልእክት ታስክ፣ ቅድሚያ 2። በየደቂቃው ለባለቤቱ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ሞጁሉ "ተልኳል" እስኪል ድረስ በሉፕ እየዞረ ይጠብቃል፣ ይህም እስከ 3 ሰከንድ ይወስዳል።

የስክሪን ታስክ፣ ቅድሚያ 1። በየግማሽ ሰከንዱ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፣ 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

ሴንሰሩና ስክሪኑ በአንድ ዓይነት ሁለት ሽቦ ነው የተያያዙት። ሁለት ታስክ በአንድ ጊዜ ሽቦው ላይ ካወራ ንግግሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ አደረግን፦ ሽቦውን የፈለገ ቁልፉን ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል፣ ቁልፉ ከሌለ ይጠብቃል። ልብ በሉ፣ የመልእክት ታስክ ሽቦውን አይነካም። ቁልፉንም አያውቀውም።

የፍሪአርቶስ ሕግ ቀላል ነው። ለመሥራት ዝግጁ ከሆኑት ታስኮች መካከል ቅድሚያው ከፍ ያለው ይሠራል። ከሱ የሚበልጥ ሲነቃ፣ የሚሠራው ባለበት ይቆምና ለበላዩ ይለቃል። የሚጠብቅ ወይም የተኛ ታስክ ግን ዝግጁ አይባልም።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሃይላንዱ ሲሞላና ሲጎድል ዋለ፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ዳኞቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። እየገለጸችላቸው ሳለ ውሃው ምልክቱን አለፈ፣ ጠርዙን አለፈ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ የአንዱን ዳኛ ወረቀት አራሰ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ፓምፑ ጠፋ።

እኔ ምን አልኩ? ሰው ፊት "ኮድሽን በደንብ ሳታይ ነው ያመጣሽው" አልኳት። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ኮዱ ትክክል ነው፣ እርሶም አይተውታል" አለችኝ። አልሰማኋትም። ከዚያ ቀን በኋላ ክበባችን አልመጣችም።

ሳጥኑ እኔ ቢሮ ቀረ። የክረምቱ ዕረፍት ላይ ፀፀትም አለ፣ ሥራ መፍታትም አለ፣ አወጣሁትና ፈተሽኩት። መጀመሪያ ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩ። ምንም ስህተት የለውም። ከዚያ አንዲት አረንጓዴ መብራት ሰካሁና የፓምፕ ታስክ በዞረ ቁጥር መብራቷን እንዲያበራና እንዲያጠፋ አደረግኩት። መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች ታስኩ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ቁጭ ብዬ አየኋት። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ያለ ማቋረጥ ብልጭ ድርግም ትላለች። መልእክት በተላከ ቁጥር እንኳ ምንም አትልም። በኋላ ግን አንዱ መልእክት ሊላክ ሲል ቀጥ አለች። ሦስት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ወደ ብልጭታዋ ተመለሰች። ሃይላንዱን አንድ ጣት ለመሙላት ለፓምፑ 2 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፣ ዳኞቹ ፊት የሆነው ይሄ ነበር።

የመጀመሪያ ሐሳቤ የማንም ሰው ሐሳብ ነው፦ "ቅድሚያው አንሶት ይሆናል"። የፓምፑን ታስክ ከ3 ወደ 4 ከፍ አደረግኩት። ምንም ለውጥ የለም፣ መብራቷ አልፎ አልፎ ትቆማለች። ቀጥዬ የስክሪኑን ታስክ አወጣሁት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ብጠብቅ አልቆመችም። የስክሪኑን መልሼ የመልእክቱን አወጣሁ፣ አሁንም አልቆመችም። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሰላም ነው፣ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ የሚመጣው። የተደነቅኩት እዚህ ጋ ነው። ከሁሉ የሚያንሰው ታስክ ሲወጣ ከሁሉ የሚበልጠው ዳነ!

ነገሩን የገባኝ በወረቀት ላይ ሰዓት ስስል ነው። አብረን እንየው። ለሂሳቡ እንዲቀል የስክሪን ታስክ ቁልፉን የወሰደበትን ቅጽበት 0 እንበለው፣ ቁጥሩ ሁሉ በሚሊሰከንድ ነው።

በ0 ስክሪኑ ቁልፉን ይዞ መጻፍ ይጀምራል፣ 40 ያስፈልገዋል።

በ10 የመልእክት ታስክ ይነቃል። ቅድሚያው 2 ስለሆነ 1ኛውን ያስቆመዋል። ስክሪኑ 30 ቀርቶት፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

በ20 የፓምፕ ታስክ ይነቃል። የሁሉ የበላይ ነውና መልእክቱን አስቁሞ ይገባል፣ ሴንሰሩን ሊያነብ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ የለም፣ ስክሪኑ ጋ ነው። ስለዚህ መጠበቅ ጀመረ፣ የሚጠብቅ ደግሞ ዝግጁ አይባልም።

አሁን ዝግጁ የሆኑት ሁለት ናቸው፦ መልእክትና ስክሪን። የሚበልጠው መልእክት ነው፣ እሱ ይቀጥላል። ከ3000ው 10ሩን ስለሠራ 2990 ይቀረዋል፣ እስከ 3010 ድረስ ሉፑ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ነው ስክሪኑ ተራ አግኝቶ የቀረችውን 30 የሚጽፈውና በ3040 ቁልፉን የሚመልሰው። የፓምፑ ታስክ ያኔ ቁልፉን ያገኛል።

ሲደመር የፓምፑ ታስክ ከ20 እስከ 3040፣ 3020 ሚሊሰከንድ ጠበቀ። ቅድሚያው 3 የሆነው፣ ቅድሚያው 2 ለሆነው ሦስት ሰከንድ ተሰለፈ ማለት ነው። ያውም ከመልእክቱ ጋር የሚጋራው ምንም ነገር ሳይኖር! ይሄ ነው የቅድሚያ መገልበጥ የሚባለው። ቅድሚያውን ወደ 4 ማሳደጌ ያልጠቀመውም ለዚህ ነው። የፓምፑ ታስክ ቅድሚያ ሳያንሰው ቁልፍ ነው ያነሰው፣ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ባለ 1 ነው።

ለምን አልፎ አልፎ ብቻ? ስክሪኑ ከ500 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቁልፉን የሚይዘው ለ40 ብቻ ነው። መልእክቱ ከነዚያ 40 ውስጥ የመንቃት ዕድሉ ከ100 ጊዜ 8 ጊዜ ገደማ ነው። ውሃው እንዲፈስ ደግሞ ሃይላንዱ ልክ በዚያችው ሦስት ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። ልጅቷ ቤቷ ቀናትን ፈትናው ያላየችው፣ ዳኛ ሲመጣ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም።

ለተማሪዎች ሳስረዳ በትምህርት ቤታችን ቋንቋ እንዲህ እላለሁ። የማባዣ ክፍሉ ቁልፍ አንድ ነው። የጽዳት ሠራተኛው ጋሼ ክፍሉን ከፍተው እየጠረጉ ነው፣ ቁልፉ ኪሳቸው ነው። ዩኒት ሊደሩ መጥቶ "ጋሼ፣ ይሄን ይተዉትና ከታች ብሎክ ወንበር ያመላልሱልኝ" ይላቸዋል። ይሄዳሉ፣ አዛዥ ነዋ። ዳይሬክተሩ ፈተና ሊያባዛ ይመጣል፣ በሩ ተቆልፏል። ዳይሬክተሩ በር ላይ ይቆማል፣ ጋሼ ወንበር ያመላልሳሉ፣ ዩኒት ሊደሩ ዳይሬክተሩ እየጠበቀ መሆኑን አያውቅም። ማንም አላጠፋም፣ ፈተናው ግን ዘገየ።

መፍትሔው ምንድነው? ዳይሬክተሩ ቁልፉን በኃይል ይቀማ እንዳንል ጠረጋው ተጋምሷል፣ በእኛም ሽቦ ላይ የተጋመሰ ጽሑፍ ይበላሻል። ትክክለኛው መፍትሔ ይሄ ነው፦ "ጋሼ፣ እኔ እየጠበቅኩ ቁልፉ እርስዎ ጋ እስካለ ድረስ የሚሠሩት የኔን ሥራ ነው። ማንም እንዳያዝዎት። ጨርሰው ቁልፉን ሲመልሱ ወደ ቦታዎ ይመለሳሉ።" ጋሼ የዳይሬክተሩን ቅድሚያ ለደቂቃዎች ወረሱ። በኮምፒውተር ቋንቋም ስሙ ይኸው ነው፣ ቅድሚያ መውረስ።

ሰዓቱን በዚህ ሕግ እንደገና እናስኪደው። እስከ 20 ድረስ ምንም አይለወጥም። በ20 የፓምፑ ታስክ ቁልፉን ሲጠይቅ፣ ሥርዓቱ ቁልፉን ማን እንደያዘ ያይና የስክሪኑን ቅድሚያ ከ1 ወደ 3 ያነሳዋል። አሁን ከመልእክቱ በላይ ነው። የቀረችውን 30 ጽፎ በ50 ቁልፉን ይመልሳል፣ ወዲያው ወደ 1 ይወርዳል። የፓምፑ ታስክ በ50 ቁልፉን ያገኛል፣ በ55 አንብቦ ጨርሶ ይተኛል፣ መልእክቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ጥበቃው ከ3020 ወደ 30 ወረደ። መልእክቱ የከሰረው 35 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ የሚቀበለው ሰው አያውቀውም።

ይህን ፍለጋ ሳነብ ነው የእኛ ሃይላንድ ታላቅ ወንድም እንዳለው ያወቅኩት። ወንድሙ ማርስ ላይ ነው። የናሳ ፓዝፋይንደር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈ። ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን እያጠፋ መነሳት ጀመረ። እዚያም ሦስት ነበሩ። ዝቅተኛው የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ታስክ፣ ከፍተኛው በመንኮራኩሩ የመረጃ መስመር ላይ መረጃ የሚያከፋፍለው ታስክ፣ መሃል ላይ ደግሞ ቁልፉን የማይነኩ ሌሎች ሥራዎች። የአየር ሁኔታው ታስክ ቁልፉን እንደያዘ የመሃሎቹ ያስቆሙታል፣ ማከፋፈያው በር ላይ ይቀራል። የመረጃ መስመሩ ዑደት 125 ሚሊሰከንድ ነበር። ማከፋፈያው በዚያ ጊዜ እንዳልጨረሰ የሚያይ ሌላ ታስክ "ከባድ ችግር አለ" ብሎ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል። በተነሳ ቁጥር የዚያን ቀን ቀሪ ሥራ ለነገ ይተላለፋል።

መሐንዲሶቹ ምድር ላይ በነበረው ቅጂ ችግሩን እስኪደገም ፈተኑት፣ አገኙትም። መንኮራኩሩ የተጠቀመው ቪኤክስዎርክስ የተባለው ሥርዓት ቅድሚያ ማውረስን ያውቃል፣ ለዚያ ቁልፍ ግን አማራጩ አልበራም ነበር። ከምድር ትእዛዝ ልከው አበሩት፣ ችግሩም ቆመ። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ይህ መነሳት ከመወንጨፉ በፊትም በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር፣ ግን ሲፈልጉት አልደገም አላቸው። የናሳ ሰዎችን ያመለጠ ነገር ነው እኔ አንዲትን የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰው ፊት ያሸማቀቅኩበት።

ነገሩ ያኔም አዲስ አልነበረም። ሉዪ ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆዝኪ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ቅድሚያ መውረስን በዝርዝር ጽፈው አሳትመውት ነበር።

አሁን ወደ ዕዳዬ። በእኛ ኮድ ውስጥ ቁልፉ የተፈጠረው እንዲህ ነው፦

```
kulf = xSemaphoreCreateBinary();
xSemaphoreGive(kulf);
```

ይህ ባይነሪ ሴማፎር ይባላል። እንደ ቁልፍ ይሠራል፣ ግን ማን እንደያዘው አይመዘግብም። ማን እንደያዘው ካልታወቀ ደግሞ ቅድሚያውን ለማን ያወርሳል? ፍሪአርቶስ ለዚሁ ጉዳይ ሌላ ቁልፍ አለው፣ ሚውቴክስ ይባላል። እሱ ባለቤቱን ይመዘግባል፣ ቅድሚያም ያወርሳል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ቁልፉን የምንወስድበትና የምንመልስበት ትእዛዝ እንኳ አንድ ነው። ሁለቱን መስመር አጥፍቼ ይህን ተካሁ፦

```
kulf = xSemaphoreCreateMutex();
```

መብራቷን ግማሽ ቀን ተከታተልኳት። አንድም ጊዜ ቀጥ አላለችም።

ያችን የመጀመሪያዋን መስመር የጻፈው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። ከኢንተርኔት ምሳሌ ገልብጬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፣ እሷም እንዳስተማርኳት አድርጋ ጻፈችው። በዲፕሎማ የተመረቅኩ መምህር ነኝ፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም ልል እችል ነበር። ግን አላውቅም ማለት አንድ ነገር ነው፣ አላውቅም ሳይሉ በልጅ ማሳበብ ሌላ።

ተመሳሳይ ነገር ለምትሠሩ ደግሞ ልብ የምትሉትን ልጨምር፣ ቅድሚያ መውረስ ሁሉን አይፈውስምና።

አንደኛ፣ ጥበቃውን ያሳጥራል እንጂ አያጠፋውም። 30ዋ ሚሊሰከንድ አልጠፋችም። ስክሪኑ ቁልፉን ለ2 ሰከንድ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ቅድሚያ ወርሶም ውሃው ይፈስ ነበር። ስለዚህ ቁልፍ ይዛችሁ የምትሠሩት ሥራ አጭር ይሁን። ቁልፍ ይዞ መተኛት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የተኛ ታስክ የንጉሥ ቅድሚያ ቢወርስ ያው ተኝቷል።

ሁለተኛ፣ ቁልፎቹ ሁለት ሲሆኑ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ታስክ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይጠብቃል፣ ሁለቱም እስከ ወዲያኛው ይቆማሉ። ቅድሚያ መውረስ ይህን አይፈታም። ሁሉም ታስክ ቁልፎቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲወስድ ማድረግ ነው የሚፈታው።

ሦስተኛ፣ የመልእክቱ ታስክ በሉፕ ከመዞር ይልቅ እየተኛ ቢጠብቅ ኖሮ ስክሪኑ በመሃል ተራ ያገኝ ነበር፣ ችግሩም ባልታየ። ያንንም አስተካክያለሁ። ግን መሸፈኛ ነው። ነገ ሌላ ሥራ የበዛበት የመሃል ታስክ ሲጨመር ያው ችግር ይመለሳል።

ምልክቱን ደግሞ ያዙት፦ ትልቁ ሥራ አልፎ አልፎ ይዘገያል፣ ቅድሚያውን ብታሳድጉም አይሻለውም፣ አንዱን ትንሽ ታስክ ስታወጡ ግን ይድናል። ይህን ካያችሁ ቁልፉን ማን እንደያዘው ጠይቁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አስጠራኋት። በጥርጣሬ መጣች። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩና ሦስቱን መስመር በወረቀት ሳልኩላት፣ 0፣ 10፣ 20። 20 ላይ ስደርስ እስክርቢቶውን ከእጄ ወሰደችና የቀረውን ራሷ ሳለችው። 3040 ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ስህተቱ የኔ ነበር" አልኳት። "ያችን መስመር የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ሰው ፊት የተናገርኩሽን ሰው ፊት ነው የማነሳው።" ክበቡ በተሰበሰበ ቀን እንዲሁ አደረግኩ። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ታስኮች ያስረዳችው ግን እሷ ናት፣ ከእኔ በተሻለ።

ሲያልቅ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ዩኒት ሊደሩ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ናት የመለሰችለት፦ "አይደለም፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው።"

ሳጥኑ አሁን እኛ ግቢ ታንከር ላይ ተሰክቷል። ትናንት ሌሊት ውሃ መጥቶ ነበር። እኔ ተኝቻለሁ፣ ግቢው ደረቅ ነው።